ፒችትሪ ላይ 212 የሂሳብ መደብ አለን፣ ግን የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚያተርፍ አናውቅም

ሂሩት_ዳቦ | ግንቦት 21፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የአክስቴን ዳቦና ኬክ ቤት ሂሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ስንጀምር አንድ ሱቅ ነበር። አሁን አንድ ማዕከላዊ መጋገሪያና ሦስት መሸጫ ቅርንጫፎች አሉን። የምንጠቀመው የሂሳብ ሶፍትዌር ፒችትሪ ነው።

ችግሩ ቻርት ኦፍ አካውንቱ፣ ማለትም የሂሳብ መደቦቹ ዝርዝር ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ሠራተኞች አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር አዲስ መደብ ከፍተዋል። ዛሬ ስቆጥረው 212 ደርሷል። ዱቄት ብቻውን አራት ቦታ አለ፦ «ዱቄት»፣ «ዱቄት ከፋብሪካ»፣ «የዳቦ ግብዓት»፣ «ጥሬ ዕቃ»። ለእያንዳንዱ አቅራቢ የራሱ ተከፋይ ሂሳብ ተከፍቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ከወጪዎቻችን ትልቁ «ልዩ ልዩ ወጪ» ነው።

አክስቴ የምትጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። «የሚያበላን ኬኩ ነው ዳቦው?» እና «ሦስተኛው ቅርንጫፍ ያዋጣል ወይስ ልዝጋው?» ከዚህ ሁሉ መደብ ውስጥ አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ከአምናው ጋር ማወዳደር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ዓመቱ መሃል ላይ መደብ ስለተቀየረ የዱቄት ወጪያችን በግማሽ የቀነሰ ይመስላል።

ሰኔ 30 ዓመቱ ይዘጋል። ከሐምሌ 1 ጀምሮ በአዲስ መደብ ልጀምር አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?

---

ናቲ_ፒችትሪ | ግንቦት 21፣ ከምሽቱ 2፡45

ይሄ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሁሉንም መደብ አባዢው። መጨረሻው ላይ -01፣ -02፣ -03 ጨምሪ። ሽያጭ `4010-01`፣ `4010-02` እያለ ይቀጥላል። ኪራይም፣ ደመወዝም፣ ባንክም፣ ተሰብሳቢም እንደዚያው። ሪፖርት ስታወጪ ማጣሪያው ላይ `****-02` ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ የሁለተኛው ቅርንጫፍ ብቻውን ይወጣልሻል። እኔ ለሦስት ድርጅት እንዲህ ሠርቻለሁ፣ ሁሉም ደስተኛ ናቸው።

---

አቶ_መጋዘን | ግንቦት 21፣ ከምሽቱ 3፡20

እኔም አምስት አካውንት አለኝ እህቴ፣ ችግርሽ ይገባኛል። ሁለቱ አንድ ባንክ ውስጥ ናቸው፣ ሦስቱ በየቅርንጫፉ አጠገብ ያለ ባንክ ነው። የትኛው ውስጥ ስንት እንዳለ ለማወቅ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነኝ። ዝጊያቸውና ወደ አንድ አምጪያቸው። ለምን ትሰቃያለሽ?

---

ሂሩት_ዳቦ | ግንቦት 21፣ ከምሽቱ 3፡31

ጋሼ፣ የባንክ አካውንት አይደለም። በሂሳብ መዝገቡ ውስጥ ወጪና ገቢ የሚመዘገብበትን መደብ ማለቴ ነው። የባንኩማ ሁለት ብቻ ነው ያለን 🙂

ናቲ፣ አመሰግናለሁ። ግን 212ን በሦስት ካባዛሁት ከ600 በላይ ሊሆንብኝ ነው እኮ።

---

የድሮ_ሂሳብ_ሹም | ግንቦት 22፣ ከጠዋቱ 1፡05

ሂሩት፣ ናቲ ግማሹን በትክክል ነግሮሻል። ጭራ ቁጥሩ ይሠራል። ሁሉም ላይ መለጠፉ ነው የማይሠራው። ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንለይ።

የሂሳብ መደብ መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይሄ ገንዘብ *ምን ዓይነት* ነገር ነው? ዱቄት ነው፣ ኪራይ ነው፣ ደመወዝ ነው። «ከማን ተገዛ?» የሚለው ለአቅራቢዎች መዝገብ ነው። «የት ወጣ?» የሚለው ለቅርንጫፉ ጭራ ነው። «ስንት ኪሎ?» የሚለው ለዕቃ መዝገቡ ነው። የእናንተ 212 የመጣው እነዚህ ሁሉ በመደብ ስም ውስጥ ስለተቀላቀሉ ነው። «ዱቄት ከፋብሪካ» ማለት እኮ ምኑም ከየቱም አንድ ላይ ታስሮ ነው። ነገ ዱቄቱን ከነጋዴ ስትገዢ መደቡ ትርጉም ያጣል፤ ሌላ ይከፈታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማባዛት አይደለም፣ ማጠፍ ነው። አምና የዘጋችሁበትን ትራያል ባላንስ ወደ ኤክሴል አውጪው። አጠገቡ ባዶ ዓምድ ጨምሪና በእያንዳንዱ አሮጌ መደብ ፊት የሚገባበትን አዲስ ቁጥር ጻፊ። አራቱ ዱቄቶች ሁሉም `5010` ይሆናሉ። ይሄ ቀላሉ ነው፤ ብዙ ወደ አንድ ሲታጠፍ ድምር ብቻ ነው።

አስቸጋሪው አንድ አሮጌ መደብ ለሁለት ሲከፈል ነው። የእናንተን ሳላይ አንዱን ልገምት፦ «ደመወዝ» የሚል አንድ መደብ አለ፣ ጋጋሪውም ካሽየሩም እዚያ ውስጥ ነው። ልክ ነኝ?

---

ሂሩት_ዳቦ | ግንቦት 22፣ ከጠዋቱ 3፡40

ልክ ነህ ጋሼ። ጠቅላላ ደመወዝ አንድ ቦታ ነው፣ እሱም `Expenses` ውስጥ። ለምን ችግር ሆነ ግን? ደመወዝ ወጪ አይደል?

---

የድሮ_ሂሳብ_ሹም | ግንቦት 22፣ ከቀኑ 6፡15

ወጪ ነው። የት ላይ እንደተቀመጠ ግን ሪፖርቱን ይቀይረዋል። ሚያዝያን አብረን እንሥራው። አራት ቁጥር ስጪኝ፦ ከቫት በፊት ያለ የዳቦና የኬክ ሽያጭ፣ ያለቀው ጥሬ ዕቃ፣ የጋጋሪዎቹ ደመወዝ፣ ለማሸጊያና ለምድጃው ኃይል የወጣው። ቡናና ሻዩን ለጊዜው ተዪው።

---

ሂሩት_ዳቦ | ግንቦት 22፣ ከምሽቱ 1፡50

ቁጥሮቹን ትንሽ ጠጋግቻቸዋለሁ፦

ሽያጭ 1,200,000 ብር። ጥሬ ዕቃ (ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዘይት) 504,000። ጋጋሪዎች 132,000፣ ይህም ድርጅቱ የሚከፍለውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይጨምራል። ማሸጊያ 36,000። የምድጃ መብራትና ጋዝ 60,000፣ የመብራቱ ግን ግምት ነው፤ ቆጣሪው አንድ ብቻ ነው።

---

የድሮ_ሂሳብ_ሹም | ግንቦት 23፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጥሩ። አሁን ያለው መደብ የሚያሳይሽ ይሄን ነው፦ ከ1,200,000 ላይ 504,000 ጥሬ ዕቃ ሲቀነስ 696,000 ጥቅል ትርፍ። 58 በመቶ። አክስትሽ ይሄን አይታ አራተኛ ቅርንጫፍ ብትከፍት አይፈረድባትም።

ግን ዳቦው ራሱን አይጋግርም። ጋጋሪው፣ ምድጃውና ማሸጊያው ዳቦውን ለማምረት የወጡ ናቸው። ድምራቸው 228,000 ነው። `Cost of Sales` ወደሚለው ዓይነት ሲገቡ ጥቅል ትርፉ 468,000 ይሆናል። 39 በመቶ። የመጨረሻው ትርፍ በአንድ ብርም አልተለወጠም። የዳቦው ዋጋ ላይ ስትወያዩ ግን 39ን ይዞ መነጋገርና 58ን ይዞ መነጋገር በጣም ይለያያል።

ፒችትሪ ገቢ፣ `Cost of Sales` እና ወጪ እያለ በሪፖርቱ ላይ የሚያደራጀው መደብ ስትከፍቺ በመረጥሽው ዓይነት ነው፤ በቁጥሩ አይደለም። `5110` ብለሽ ከፍተሽ ዓይነቱን `Expenses` ካልሽው ወደ ታች ይወርዳል። ብዙ ሰው ቁጥሩን አሳምሮ እዚህ ላይ ይስታል።

በእኔ እጅ ቢሆን የገቢና ወጪው ክፍል እንዲህ ይጀምራል፦

```
4010  የዳቦ ሽያጭ
4020  የኬክ ሽያጭ
4030  ቡናና መጠጥ ሽያጭ
4040  የትዕዛዝና የጅምላ ሽያጭ
5010  ዱቄት
5020  ስኳር፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ዘይት
5050  ማሸጊያ
5110  የጋጋሪዎች ደመወዝና ጡረታ
5120  የምድጃ ኃይል
6110  የመሸጫና ቢሮ ደመወዝና ጡረታ
6210  ኪራይ
```

በአሥር እየዘለልኩ የሄድኩት ሆን ብዬ ነው። ነገ አይስክሬም ብትጀምሩ `4025` ወይም `4050` አለሽ፤ ከተርታው ሳይወጣ ከሽያጮቹ መሃል ይቀመጣል። `4011`፣ `4012`፣ `4013` እያልሽ ብትደረድሪ አዲሱ መጨረሻ ላይ ይወድቃል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ተርታው ሁሉ ይዘበራረቃል።

ሽያጩን በአራት የከፈልኩት አክስትሽ ኬክና ዳቦን ስለጠየቀች ነው። ማንም የማይጠይቀውን አትክፈዪ። የልደት ኬክና የሠርግ ኬክ ለየብቻ መደብ አያስፈልጋቸውም፤ በዕቃ ዝርዝሩ ይለያሉ። ቫት ያለበትና ከቫት ነፃ የሆነ ሽያጭ አንድ መደብ ውስጥ ከተቀላቀለ ግን ያንን ለዪው። በየወሩ ለግብር የምታሳውቂው ከመዝገቡ ጋር መግጠም አለበት።

---

ሶስና_ሜሪላንድ | ግንቦት 23፣ ከምሽቱ 5፡02

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ። እዚህ የእንጀራና የቅመማ ቅመም ሱቅ አለን፣ ሂሳቡን ኩዊክቡክስ ላይ ነው የምንይዘው። እኛ ጋ ለቅርንጫፍ ጭራ አያስፈልግም። `Class` የሚባል አለ፤ እያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ሱቁን ትመርጫለሽ፣ ትርፍና ኪሳራው በዓምድ በዓምድ ይወጣል። መደቡ አይበዛም። ፒችትሪ ይሄ የለውም እንዴ?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። መደብ ስታጥፊ ተጠንቀቂ። ኩዊክቡክስ ላይ የአንዱን መደብ ስም እንደ ሌላው ብትሰይሚው ሁለቱን ያዋህዳቸዋል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። የቀድሞ ሂሳብ ሠራተኛችን የሱቁን ዕቃና የኬተሪንጉን ዕቃ እንዲህ አዋህዶ ሄደ። የሦስት ዓመት ታሪክ አንድ ላይ ተደባለቀ። ኬተሪንጉ ያተርፍ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም።

---

ናቲ_ፒችትሪ | ግንቦት 23፣ ከምሽቱ 5፡30

@ሶስና ፒችትሪ ላይ `Job` አለ። ቅርንጫፉን እንደ ጆብ ከፍተሽ እያንዳንዱ መስመር ላይ ትመርጪዋለሽ። ስለዚህ ሂሩት፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ጭራውን ተዪውና ጆብ ተጠቀሚ። መደቡ አይባዛም።

---

የድሮ_ሂሳብ_ሹም | ግንቦት 24፣ ከጠዋቱ 1፡10

ናቲ፣ ጆብ ይሠራል፣ ግን አንድ ጉድለት አለው። ሳይሞላ ቢቀር ሥርዓቱ ዝም ብሎ ያልፋል። ካሽየሩ ረሳ፣ መዝጋቢዋ ቸኮለች፣ ወጪው ያለ ጆብ ይመዘገባል። ትርፍና ኪሳራው ትክክል ነው፣ የጆብ ሪፖርቱ ግን ጎደሎ ነው፤ ማንም አያውቅም። ጭራው ግን የመደቡ አካል ነው። `6210-02`ን ሳትመርጪ ኪራይ መመዝገብ አትችይም፤ ብትሳሳቺ እንኳ ሳትመልሺ አታልፊም። ሦስት ቅርንጫፍ ላለው ሰው ጭራው ይሻላል እላለሁ። አሥራ ሁለት ቅርንጫፍ ቢሆን ኖሮ ሐሳቤን እቀይር ነበር።

ጭራው የት ላይ ይለጠፋል? ቅርንጫፉ ራሱ በሚያስገባውና በሚያወጣው ላይ ብቻ። ሽያጭ፣ የመሸጫ ደመወዝ፣ ኪራይ፣ የቅርንጫፉ መብራትና ውኃ። የመጋገሪያው ሁሉ `-00` ነው። የሂሳብ ሠራተኛ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ ወለድም `-00` ናቸው። ንብረትና ዕዳ ላይ ግን በጭራሽ አትለጥፊ። ተከፋይ አንድ ነው፣ ተሰብሳቢ አንድ ነው። ባንክ ደግሞ ለእያንዳንዱ የባንክ ደብተር አንድ መደብ፤ በየወሩ ከስቴትመንቱ ጋር የምታስታርቂው እሱን ስለሆነ። (@አቶ_መጋዘን፣ አምስቱም አካውንቶች በመዝገብዎ ለየብቻ ቢኖሩ ኖሮ ስልኩ ባላስፈለገዎት ነበር።)

ለአቅራቢዎቹ የተከፈቱት መደቦች ሁሉ ወደ አንድ ተከፋይ ይታጠፋሉ። ለማን ስንት እንዳለብሽ የሚነግርሽ የአቅራቢዎች መዝገብ ነው። መፈተኛው ደግሞ ቀላል ነው፦ ወር ሲዘጋ የ`Aged Payables` ሪፖርት ድምርና የተከፋይ መደቡ ባላንስ እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ አንድ ሰው በጄኔራል ጆርናል በቀጥታ ተከፋይ ላይ መዝግቧል ማለት ነው።

---

ኦዲተሯ | ግንቦት 24፣ ከቀኑ 8፡25

ጋሼ ያሉት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር፤ በየዓመቱ ደንበኞቼ ጋ የማገኘው ስለሆነ።

አንደኛ፣ ዊዝሆልዲንግ። ደንበኛ ከእናንተ ላይ የቀነሰው ወደ ፊት ከትርፍ ግብራችሁ የሚታሰብላችሁ ነው፤ ንብረት ነው። እናንተ ከአቅራቢ ላይ የቀነሳችሁት ደግሞ ለመንግሥት የምታስገቡት ዕዳ ነው። ሁለቱ «ዊዝሆልዲንግ» በሚል አንድ መደብ ውስጥ ሲገቡ ይጣፋሉ፤ ባላንሱ ትንሽ ስለሚሆን ማንም አያየውም። ዓመቱ ሲዘጋ የሚታሰብላችሁ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ደረሰኝ በደረሰኝ መቁጠር ነው። ሁለት መደብ ያስፈልጋል። የግብዓትና የሽያጭ ቫትም እንዲሁ። ከሠራተኛ የሚቆረጠው 7 በመቶና ድርጅቱ የሚጨምረው 11 በመቶ ጡረታ ግን አብረው ስለሚከፈሉ አንድ ተከፋይ መደብ ይበቃቸዋል።

ሁለተኛ፣ ግብር ሲሰላ የማይቀነሱ ወጪዎች። ቅጣት አንዱ ነው። የእንግዳ መስተንግዶም በአብዛኛው እንዲሁ። መጠናቸው ትንሽ ስለሆነ ሁሌም «ልዩ ልዩ» ውስጥ ይገባሉ። ዓመት ሲዘጋ ግን ወደ ትርፉ መልሰን የምንደምራቸው እነሱን ነው። ትንሽ ቢሆኑም የራሳቸው መደብ ይኑራቸው፤ ሁላችንም እንገላገላለን።

ሂሩት፣ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ምን ምን እንዳለ አይተሻል?

---

ሂሩት_ዳቦ | ግንቦት 24፣ ከምሽቱ 2፡00

አሁን አየሁት። የጀነሬተር ጥገና፣ የሠራተኛ ምሳ፣ የማስረከቢያ መኪና ታክሲ፣ ሁለት ቅጣት፣ የአክስቴ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ (!)፣ እና «ማስተካከያ» የሚል 41,000 ብር።

---

ኦዲተሯ | ግንቦት 24፣ ከምሽቱ 2፡20

የትምህርት ቤቱ ወጪ አይደለም፤ አክስትሽ ከድርጅቱ የወሰደችው ነው። ለእሱ የባለቤት ወሰድ የሚል መደብ ካፒታሉ ሥር ይከፈት። 41,000ውን ግን ቫውቸሩን ፈልጊ፣ በስም ብቻ አትለፊው።

---

የድሮ_ሂሳብ_ሹም | ግንቦት 25፣ ከጠዋቱ 1፡30

የእኔ ልማድ ይሄ ነው፦ «ልዩ ልዩ» ከጠቅላላ ወጪ ሁለት በመቶ ካለፈ ከፍቼ አየዋለሁ። አንድ ነገር ሦስት ወር ተከታትሎ ከተገኘበት የራሱ መደብ ይገባዋል። የጀነሬተር ጥገና በእርግጠኝነት ይገባዋል። አንዴ ብቻ የመጣ ነገር ግን እዚያው ይቆይ። አዲስ መደብ የሚከፍት ሰው ደግሞ አንድ ይሁን፤ በናንተ ቤት አንቺ ብቻ። ሌላ ሰው የመክፈት ፈቃድ ካለው በሁለት ዓመት 212 ትመለሳላችሁ።

---

ሂሩት_ዳቦ | ግንቦት 28፣ ከምሽቱ 3፡15

ኤክሴሉን ጨረስኩ። ከ212ቱ ውስጥ 61ዱ ዓመቱን ሙሉ አልተንቀሳቀሱም። ሌላው ተጣጥፎ 74 ሆነ፣ ጭራዎቹን ሳይቆጥር። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንዱ፣ አሮጌዎቹን ማጥፋት አልቻልኩም፣ ፒችትሪ እምቢ አለኝ።

ሁለተኛው ዋናው ነው። ዱቄቱ ሁሉ መጋገሪያው ላይ `5010-00` ከገባ፣ የሦስተኛው ቅርንጫፍ ሪፖርት ላይ ሽያጭ ብቻ አለ፣ የዳቦው ዋጋ የለም። ማጣሪያው ላይ `****-03` ብዬ ሳወጣው ቅርንጫፉ ሁሉ ትርፍ ነው።

---

ናቲ_ፒችትሪ | ግንቦት 28፣ ከምሽቱ 3፡40

እንቅስቃሴ ያለበት መደብ አይጠፋም። ዓመቱ ተዘግቶ ባላንሱ ዜሮ ሲሆን `Inactive` አድርጊው፣ ታሪኩ ግን ይቀመጣል። ለሁለተኛው፣ ዱቄቱን በሽያጭ መጠን ለሦስቱ አካፍዪው። ሦስተኛው ከሽያጩ 17 በመቶ ገደማ ካለው 17 በመቶ ዱቄት ስጪው። አለቀ።

---

የድሮ_ሂሳብ_ሹም | ግንቦት 29፣ ከጠዋቱ 1፡05

የመጀመሪያው መልስ ትክክል ነው። ሁለተኛው ግን አያስኬድም ናቲ። በሽያጭ ካካፈልሽ የሁሉም ቅርንጫፍ ጥቅል ትርፍ በመቶኛ አንድ ዓይነት ይወጣል። ልዩነቱን ልናይ ፈልገን ልዩነቱን ራሳችን አጠፋነው ማለት ነው። ሦስተኛው ቅርንጫፍ ብዙ ዳቦ እያበላሸ ቢሆን አይታይም።

ሂሩት፣ መጋገሪያው ወደ ቅርንጫፎቹ ሲልክ የማስረከቢያ ወረቀት ይጻፋል አይደል? ስንት ዳቦ፣ ስንት ኬክ የሚል። ለእያንዳንዱ ዕቃ የተሰላ የምርት ዋጋ አውጪለት፤ ዱቄቱን፣ ጋጋሪውን፣ ምድጃውን፣ ማሸጊያውን ይጨምር። ከዚያ `5990` «የውስጥ ዝውውር» የሚል አንድ መደብ ክፈቺ፣ ዓይነቱ `Cost of Sales`። ወር ሲያልቅ በተላከው ብዛት አባዝተሽ አንድ ጆርናል ትሠሪያለሽ፦ `5990-01`፣ `-02`፣ `-03` ዴቢት፣ `5990-00` ክሬዲት።

የ`5990` አራቱ ጭራዎች ተደምረው ሁሌም ዜሮ መሆን አለባቸው። ስለዚህ የድርጅቱ ጠቅላላ ትርፍ አይነካም። ዜሮ ካልሆነ የአንድ ጆርናል አንዱ ወገን ሌላ መደብ ላይ ተመዝግቧል፣ ወይም ሰው `5990`ን ለሌላ ነገር ተጠቅሞበታል።

ሚያዝያን ሥሪውና ቁጥሩን አምጪ።

---

ሂሩት_ዳቦ | ሰኔ 3፣ ከምሽቱ 2፡30

ይሄውና። የስቶክ ለውጡን ካስተካከልኩ በኋላ የመጋገሪያው ጠቅላላ ዋጋ 732,000 ነው፣ ከላይ ያሉት 504,000 እና 228,000 ድምር። በማስረከቢያ ወረቀቱ የተላከው ለአንደኛ 340,000፣ ለሁለተኛ 250,000፣ ለሦስተኛ 110,000። ድምሩ 700,000።

ሽያጩ ደግሞ አንደኛ 560,000፣ ሁለተኛ 430,000፣ ሦስተኛ 210,000።

ሦስተኛው፦ ከ210,000 ላይ 110,000 ሲቀነስ 100,000። ኪራዩ 65,000፣ የመሸጫ ሠራተኞቹ 48,000። ስለዚህ 13,000 ብር ኪሳራ። አክስቴ ትዘጋዋለች ማለት ነው። ደግሞ መጋገሪያው ላይ 32,000 ብር ቀረ፣ ወዴት እንደሄደ አልገባኝም።

---

የድሮ_ሂሳብ_ሹም | ሰኔ 4፣ ከጠዋቱ 1፡15

መጀመሪያ 32,000ው። ይሄ ከጠቅላላ ሥራሽ ሁሉ ጥሩው ግኝት ነው። የወጣው 732፣ የተላከው 700። ልዩነቱ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ መጋገሪያው ውስጥ የተቃጠለና የተጣለ አለ፣ ወይ ያለ ማስረከቢያ ወረቀት የወጣ ዳቦ አለ፣ ወይ ያወጣሽው የምርት ዋጋ አርጅቷል፤ ዱቄት ጨምሮ አንቺ በድሮው ዋጋ እያሰላሽ ነው። መለያው ቀላል ነው። የመጨረሻውን የዱቄት መግዣ ዋጋ አስገብተሽ እንደገና አስይው። ልዩነቱ ከጠፋ ዋጋው ነው። ካልጠፋ ያለቀውን ዱቄት በኪሎ ከተመረተው ዳቦ ጋር አስተያዪ፤ ዱቄቱ ከዳቦው ከበለጠ ብክነት ነው፣ ዳቦው ተመርቶ ወረቀት ከሌለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛ፣ ለመዝጋት አትቸኩሉ። ከተላከለት 110,000 ውስጥ የጋጋሪዎቹ ደመወዝ ድርሻ አለ። 132 ከ732 ማለት 18 በመቶ ነው፣ ወደ 20,000 ብር። ሦስተኛው ቢዘጋ ጋጋሪ ትቀንሳላችሁ? ካልቀነሳችሁ ያ 20,000 ለሌሎቹ ሁለቱ ይተርፋል። የ13,000 ኪሳራ ሸሽታችሁ የ20,000 ወጪ ተሸከማችሁ፤ ድርጅቱ በወር በ7,000 ይጎዳል። ለዚህ ነው ጋጋሪዎቹን `5110` ላይ ለብቻ ያስቀመጥኳቸው። ከዱቄቱ ጋር ቢቀላቀሉ ይሄን ማስላት አትችዪም ነበር።

---

ሶስና_ሜሪላንድ | ሰኔ 4፣ ከምሽቱ 4፡50

ይሄ ግን ለዘላለም አይሠራም ጋሼ። ጋጋሪ አይቀነስም እያሉ ሁሉም ቅርንጫፍ «ያዋጣል» ሊባል ነው። በዚያ ላይ የቢሮውን ደመወዝ፣ የሂሩትን፣ የኦዲቱን፣ ማን ይሸከም? ሁሉም `-00` ላይ ተቀምጠው ሦስቱም ቅርንጫፍ ትርፋማ፣ ድርጅቱ ግን ኪሳራ ሊሆን ይችላል። እኛ የጋራውን ወጪ በየወሩ ለሱቆቹ እናከፋፍላለን።

---

የድሮ_ሂሳብ_ሹም | ሰኔ 5፣ ከጠዋቱ 1፡00

ሐሳብሽ ልክ ነው፣ ከረጅም ጊዜ አንፃር ሲታይ። ኪራይ ውል ሲታደስ የሚታየው ያንቺ ሒሳብ ነው። ማከፋፈሉን ግን መዝገቡ ውስጥ አላደርገውም፣ ኤክሴል ላይ እንጂ። ማከፋፈያው መንገድ በየዓመቱ ይቀየራል፤ አንዴ በሽያጭ፣ አንዴ በሠራተኛ ቁጥር። መዝገቡ ውስጥ ከገባ የአምናውና የዘንድሮው ቅርንጫፍ አይወዳደሩም።

---

ኦዲተሯ | ሰኔ 5፣ ከቀኑ 7፡40

እዚህ ላይ እኔ ከሶስና ጋር ነኝ፣ ባለቤቶች ኤክሴሉን አይከፍቱትም። ግን ጋሼም ያለ ምክንያት አላሉም።

ሂሩት፣ ስለ ንጽጽሩ ማንም አልነገረሽም። ለአምናው 12 ወር በአዲሱ መደብ የታጠፈውን ቁጥር ኤክሴል ላይ ካወጣሽ በኋላ ፒችትሪ ውስጥ የአምናውን መዝገብ አትንኪው፤ ኦዲት የተደረገ ነው። ይልቅ ለአዲሶቹ መደቦች በበጀት ቦታው ላይ የአምናውን ወር በወር አስገቢው። ከዚያ የ`Income Statement` ከበጀት ጋር የሚያነጻጽረውን ሪፖርት ስታወጪ «በጀት» የሚለው ዓምድ አምና ነው። እውነተኛ በጀት ካላችሁ ግን ይሄ መንገድ አይሆንም።

የደመወዙን መክፈያ ሉሆች ይዘሽ የጋጋሪዎቹን ለመለየት 12ቱንም ወር መክፈት ይኖርብሻል። አሰልቺ ነው፣ አቋራጭ የለውም። የንብረትና ዕዳ መደቦችን ደግሞ በተቻለሽ ቁጥራቸውን አትቀይሪ። ገቢና ወጪ ሐምሌ 1 ከዜሮ ይጀምራሉ፣ ባላንስ ያላቸው ግን በጆርናል መዛወር አለባቸው፤ እያንዳንዱ ዝውውር ደግሞ ለማስረዳት የምትገደጂበት ነገር ነው።

---

ሂሩት_ዳቦ | ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 2፡05

በአዲሱ የዱቄት ዋጋ አስልቼ ከ32,000ው 19,000ው ተገኘ። የቀረው 13,000 አልተገኘም፣ የማስረከቢያ ወረቀቶቹን ቁጥር በተርታ እያየሁ ነው። ሁለት ቁጥር ዘሏል።

አክስቴ ሦስተኛውን ቅርንጫፍ እስከ መስከረም ታቆየዋለች። የኪራይ ውሉ ያን ጊዜ ነው የሚያልቀው።

የምድጃው መብራት ግን አሁንም ግምት ነው። ቆጣሪው የመጋገሪያውንም የአንደኛውን ቅርንጫፍም አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። ምን ያህሉን `5120` ላይ ልጣል?

---

አቶ_መጋዘን | ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 2፡50

ኤሌክትሪሺያን ጠርተሽ ለምድጃው መስመር ትንሽ ቆጣሪ ከውስጥ አስገጥሚ። እኔ ጋ ቀዝቃዛ ክፍሉ ላይ አለ፣ በየወሩ ሠላሳኛው ቀን ይነበባል። እስከዚያው ምድጃው ላይ የተጻፈውን ኪሎዋት በሚሠራበት ሰዓት አባዢው።

---

የድሮ_ሂሳብ_ሹም | ሰኔ 10፣ ከጠዋቱ 1፡20

አቶ መጋዘን ትክክል ናቸው። ቆጣሪው እስኪገጠም አንድ መቶኛ ምረጪና ዓመቱን ሙሉ አትቀይሪው። እንዴት እንዳሰላሽው ጻፊና ከመደቡ ዝርዝር ጋር አያይዢው። እነዚያን ሁለት የዘለሉ ቁጥሮች ደግሞ ማን እንደያዛቸው ስታውቂ ንገሪን።